ደም ማድረቂያ

«የዘሩን ልጅ ነው አሉ የሚሰጡት። ደሙን በእሷ ሊያደርቁት ነው።»

ከሸሕዲ ወደ ኮኪት በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ይህን ያለችው ከጎኗ ወንበር ላይ የቲማቲም ሳጥን ያስቀመጠች ነጋዴ ናት። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት «ትልቂቱን?» ስትል ጠየቀቻት። «ትልቂቱማ ባል አላት። ታናሺቱን እንጂ፤ ተማሪዋን፣ እመቤትን። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽማግሌው ተቀምጦ ቃል ይታሰራል፣ እሑድ ትወሰዳለች።» «ኧረ ገና ልጅ ናት!» «ምን ይደረግ፣ ሰው ከሚተላለቅ።» ከዚያ ወሬው ወደ ቲማቲሙ ዞረ፤ ሙቀቱ ግማሹን እንዳበላሸው፣ ሰሊጥ አጫጆቹ ደግሞ የለሰለሰ ሲያዩ ዋጋ እንደሚሰብሩ። ረዳቱ «እናንተ ሴቶች፣ ሳጥኑ ራሱን ችሎ ወንበር ይዟል፣ የእሱንም ክፈሉ» ሲል ሁለቱም ሳቁ።

ስርጉት ከፊታቸው ተቀምጣ ነበር። የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ማኅበራዊ ሠራተኛ ናት፤ ወደ ኮኪት የምትሄደው ለሌላ ጉዳይ ነበር። ዞራ አልጠየቀቻቸውም። ብትጠይቅ ዝም እንደሚሉ፣ ነገ ደግሞ «ሚኒባስ ውስጥ እገሊት ናት ያወራችው» እንደሚባል ታውቃለች። መስኮቱን ትንሽ ከፍታ ወደ ውጭ እያየች የምታውቀውን ሁሉ አንድ ላይ ለማምጣት ሞከረች። ከዓመት በፊት በእርሻ ጊዜ አንድ ትራክተር የሁለት ጎረቤታሞችን ድንበር አልፎ አረሰ። የአቶ ዘሩ ልጅ አንዱአምላክና የወይዘሮ ፈንቴ ልጅ አለምሰገድ በዚያ ተጣሉ፤ አለምሰገድ ሞተ፤ አንዱአምላክ ተፈርዶበት ጎንደር ታስሯል። በፍርድ ቤቱ በኩል ነገሩ አልቋል። በኮኪት ግን አላለቀም፤ የሟቹ ታናሽ ወንድም ትዕዛዙ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጢሙን አልተላጨም። አቶ ዘሩም ከዚያ ቀን ወዲህ እርሻቸውን አልረገጡም። አሁን ጥቅምት ነው፣ ሰሊጡ ደርሷል። የደረሰ ሰሊጥ ደግሞ ጌታውን አይጠብቅም፤ አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል።

ከሚኒባሱ እንደወረደች ለአለቃዋ ለሔለን ደወለች። ሔለን እስክትጨርስ ሰማቻትና «ፖሊስ ይዘሽ ግቢና ልጅቱን አውጫት» አለች። «ዛሬውኑ ጎንደር መጠለያ አደርሳታለሁ። አሥራ ስምንት ያልሞላት ልጅ ናት፤ የሚያከራክር ነገር የለውም።»

«እርቁ ከፈረሰ ሰውየውን ይገድሏቸዋል፣ ሔሉ።»

ስልኩ ውስጥ የሔለን ቢሮ ማራገቢያ ይሰማል። «የእኛ ሥራ ልጅቱ ናት።»

«አባቷ በእሷ ምክንያት ከሞቱ ልጅቱን አተረፍኳት ማለት እችላለሁ?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሞክሪ እንግዲያ። ከዚያ ካለፈ ግን አንቺም እኔም ተጠያቂ ነን። ደግሞ ብቻሽን አትሁኚ።»

ፖሊስ ጣቢያው የቆርቆሮ በረንዳ ያለው አንድ ክፍል ነው። ኮንስታብል አሚን ሸሚዙን ከፍቶ በካርቶን እያራገበ አገኘችው። የትዕዛዙን ዛቻ ሰምቶ እንደሆነ ስትጠይቀው ሁሉም ሰው ሰምቷል፣ ያመለከተ ግን የለም አላት፤ የሚፈራ ሰው ፈራሁ ብሎ መፈረም ያፍራል። «ዛሬ ልጠብቃቸው እችላለሁ» አለ። «ነገስ? ሰውየው እኮ አንድ ቀን እርሻ መውረዳቸው አይቀርም። ሦስት ነን እዚህ፤ አንዱ ደግሞ ወባ ይዞታል።» ተስማሙ፤ ከደወለችለት ወዲያው ይመጣል፤ ሳትደውል አሥር ሰዓት ከሆነ ደግሞ ሳይጠራ ይመጣል። «ልጅቱን ለማውጣት ነው እንጂ ሽማግሌ ለመበተን አይደለም» አለችው። «ከቻልን» አለ አሚን።

የአቶ ዘሩ ቤት ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው፤ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ፣ ከጎኑ አንድ የሣር ጎጆ፣ ከጀርባው ባዶ የሰሊጥ መጋዘን። በዚህ ወቅት ግቢው በሳሉግ መሞላት ነበረበት፤ ከደጋ ለአጨዳ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ከጠቡ በፊት እዚህ ሦስት ድስት ገንፎ ይበሉ ነበር አሉ። አሁን ማጭዶቹ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። የቤቱ በር በጠራራ ፀሐይ ተዘግቷል። አሰፋች፣ የልጅቱ እናት፣ በሩን በሰፊው አልከፈተችም፤ ስርጉት በጎን ገባች። ውስጡ እንደ ምድጃ ይጋረፋል። አቶ ዘሩ ከበሩ ትይዩ ሳይሆን ጥግ ላይ፣ ከመስኮቱ በማይታይ ቦታ በገመድ አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። ሰፊ ትከሻ ያላቸው ሰው ናቸው፤ ፊታቸው ግን ፀሐይ ካላየ ቆይቷል፣ የእርሻ ሰው ፊት አይመስልም። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ ቶሎ መውጣት ተጠያየቁ። አሰፋች ውኃ አመጣች። ማንም የመጣችበትን አልጠየቀም፤ ሁሉም አውቀውታል።

«አሥራ ስምንት ሆኗታል» አሉ አቶ ዘሩ፣ ሳይጠየቁ።

«አያ ዘሩ፣ ዕድሜዋን ሐኪም ያየዋል፤ እሱን አሁን አናንሳው። መጀመሪያ ልጅቱን ለብቻዋ ላናግራት።»

«ከእኔ የምትደብቀው የላትም።»

«አይኖራት ይሆናል። እኔ ግን ልጅ ለብቻዋ ሳላናግር አልወስንም፤ የራሴም ልጅ ብትሆን።»

አሰፋች ወደ ባሏ አየች፤ እሳቸው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ስርጉት ያን እንደ ፈቃድ ወሰደችው።

ከመጋዘኑ ጥላ ሥር ሁለት ባዶ ጆንያ አጥፈው ተቀመጡ፤ ከቤቱ በር ይታያሉ፣ ድምፃቸው ግን አይሰማም። እመቤት የትምህርት ቤት ሸሚዝ ለብሳለች፤ ሰባተኛ ክፍል ናት። ክርኗ ላይ በክር የተሰፋ ቀዳዳ አለ። ስርጉት ሁልጊዜ በመጀመሪያ የምትለውን አለቻት፤ የሚነግሯትን ለሰፈር እንደማታወራ፣ ነገር ግን አደጋ ያለበትን ነገር ደብቃ መያዝ እንደማትችል፣ ለማን እንደምትናገርም አስቀድማ እንደምትነግራት። ልጅቱ አንገቷን ነቀነቀች። ስለ ጋብቻው አልጠየቀቻትም። ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ምን እንደሠራች፣ ማታ የት እንደምትተኛ፣ ቤት ውስጥ ምን እንደተቀየረ ጠየቀቻት።

«አባየ ከጨለመ አይወጣም» አለች እመቤት። «ለሽንትም። እማየ ጣሳ ታቀርብለታለች። ጠዋት እኔ ነኝ የምደፋው፣ ሰው ሳያይ።» ትንሽ ቆየችና «እኔ ከሄድኩ ይወጣል» አለች።

«ማን እንዲህ አለሽ?»

«ማንም። እኔ ነኝ ያሰብኩት። አባ ገብረማርያም መጥተው ሲያወሩ ከጓዳ ሰማሁ። ከዚያ አባየ ሲጠይቀኝ እሺ አልኩት።»

«ምን ትፈሪያለሽ?»

ልጅቱ ወደ ቤቱ አየች። «ሰውየውን።»

«ትዕዛዙን?»

«ገበያ ሲያየኝ ዐይኑን አይመልስም። ሊገድለኝ ይሁን ሌላ አላውቅም።»

ስርጉት ጎንደር ስላለው መጠለያ፣ እዚያም ትምህርት እንዳለ ነገረቻት። እመቤት እስከ መጨረሻው በጨዋነት ሰማችና «አባየ ከሞተ ምን ልማር?» አለች። በዚህ ሥራ ስርጉት ብዙ ልጆች እሺ ሲሉ ሰምታለች፤ የልጅ እሺታ በሕግ ፊት ፈቃድ እንደማይባል ታውቃለች። የዚህችኛዋን እሺታ ግን እንደ አላዋቂ ቃል መጣል አልቻለችም። ልጅቱ የሚገባትን ያህል ሳይሆን ከሚገባት በላይ ነው የገባት።

ወደ ቤት ተመልሳ ለአቶ ዘሩ ምንም ሳትደብቅ ሁሉንም ተናገረች። ጋብቻው ወንጀል መሆኑን፣ የሚያስፈርሙትም የሚመሰክሩትም እንደሚጠየቁ፣ አሥር ሰዓት ላይ ፖሊስ እንደሚመጣ። አቶ ዘሩ አልተቆጡም። «አንድ ልጅ እስር ቤት አለኝ» አሉ። «እኔንም ጨምሩኝ። እዚያ እንኳ በሩን ሰው ይዘጋልኛል።» ሊስቁ ሞከሩ፤ አሰፋች ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ስርጉት ከአጥሩ ስትወጣ አሰፋች ተከተለቻት፤ ለውሻው አጥንት የምትጥል አስመስላ ጎንበስ ብላ «ፈንቴን አናግሪያት» አለች። «ወንዶቹ አልጠየቋትም። ልጁ የሞተው የእሷ ነው፣ የሚያገባውም የእሷ ነው፣ አንድም ቀን ግን ምን ትያለሽ ያላት የለም። እኔ እንዳልሁሽ አትበይ እንጂ።»

ወይዘሮ ፈንቴ የሚኖሩት ከኮኪት ወዲያኛው ጫፍ ነው። በመንገዱ ላይ ሳሉጎቹ በዛፍ ጥላ ሥር ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ከእርሻ ጌቶች ጋር ይከራከራሉ። አንድ የጎጃም አነጋገር ያለው ጎረምሳ «እንዴ፣ በዚህ ዋጋ ጌታው ራሱ ይጨደው እንጂ እኔ ልጨደው?» ሲል ጓደኞቹ ያሽካኩ ነበር። ስርጉት አልፋቸው ሄደች። የፈንቴ ግቢ ተጠርጓል፤ በሩ ክፍት ነው። ፈንቴ ጥቁር ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ማሽላ ይለቅማሉ። ጥግ ላይ አንድ አልጋ አንሶላው ተወጥሮ ተነጥፏል፤ ማንም እንዳልተኛበት ያስታውቃል። ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶግራፍ በነጭ ሻሽ ተሸፍኗል። ስርጉት ስለ ሕግ አላነሳችም። እንደ ለቀስተኛ መሬት ላይ ተቀመጠችና «እግዜር ያጥናዎት። ዘገየሁ» አለች።

«የገዳይ ወገን ነሽ መሰለኝ። ከዚያ ስትመጭ አይተውሽ ነግረውኛል።»

«የልጅቱ ወገን ነኝ።»

ፈንቴ ማሽላውን መልቀም ቀጠሉ። ከውጭ ትራክተር አለፈ፤ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ስርጉት ከሰፌዱ አንድ እፍኝ ወስዳ አብራ ትለቅም ጀመር። በመጨረሻ ፈንቴ ራሳቸው ጀመሩት። «ሽማግሌዎቹ ‹ወንድ ልጅ ወልዳ አለምሰገድ ትልልሻለች› አሉኝ። ለእኔ ግን የልጅቱ ዐይን የወንድሟ ዐይን ነው። ጠዋት ውኃ ስታቀርብልኝ ያንን ዐይን ነው የማየው። ትዕዛዙስ ቢሆን? ሲቆጣ ወንድሟን እያስታወሰ ይመታታል። እናቱ ነኝ፤ አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ይገድላትና ደሙ እንደገና ይጀምራል።»

«ይህን ለሽማግሌው ነግረዋል?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ስርጉት እጇ ላይ ያለውን ማሽላ ወደ ሰፌዱ መለሰች። የምትለውን ነገር ሌሊቱን ሙሉ አስባው ብትመጣ ኖሮ ጥሩ ነበር፤ አሁን ግን ከአፏ ሲወጣ ነው የሰማችው። «የጡት ልጅ ብትሆንስ?»

ፈንቴ ቀና አሉ። የጡት ልጅ ማድረግ የታወቀ ነው፤ ማር የተቀባ አውራ ጣት ያጠቡትና ባዕድ የነበረው ልጅ ይሆናል፣ ዘመድም ይሆናል። የስርጉት እናት ወንድም ወገራ ውስጥ በዚህ መንገድ የተያዘ ነው፤ ዛሬም ለጡት እናቱ ሙት ዓመት እንደ አብራክ ልጅ ነው የሚደግሰው። «ትዕዛዙ ወንድሟ ይሆናል» አለች ስርጉት። «እህቱን አያገባም። የእህቱን አባትም አይገድልም።»

«ከእኔ ጋር ልትኖር?»

«አይደለም። እናቷ ቤት ሆና ትማራለች።»

«ታዲያ ምኑን ልጄ ሆነች?»

ስርጉት በዓል በመጣ ቁጥር እናቷ ይዛት ትመጣለች ልትል አሰበች፣ ግን ለሞተ ልጅ ምትክ እንደማይሆን ስለገባት ተወችው። ፈንቴ ሰፌዱን ገፋ አድርገው በሻሽ የተሸፈነው ፎቶግራፍ ወዳለበት ግድግዳ አዩ። «ሽማግሌው ይጥራኝ» አሉ። «ከጠራኝ እናገራለሁ። ሳልጠራ ወንዶች መሃል አልገባም።»

ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። ስርጉት በሙቀቱ ውስጥ እየተጣደፈች ወደ አቶ ዘሩ ቤት ተመለሰች፤ ልጅቱ ሳትጠየቅ ማንም ስለ እሷ እንዲስማማ አልፈለገችም። እመቤት ከእናቷ ጋር ለጉባኤው ልብስ እየለበሰች ነበር። ስርጉት አዲሱን ነገር ስታስረዳት የልጅቱ ፊት መጀመሪያ አልተለወጠም፤ ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። «እነሱ ቤት አድራለሁ?»

«አታድሪም» አለች ስርጉት።

«እውነት?»

«እውነት። ቃል እገባልሻለሁ።»

ቃል መግባት እንደሌለባት ታውቅ ነበር። ጠዋት መጋዘኑ ሥር ያንን ያህል ተጠንቅቃ የጀመረችው ለዚህ ነበር። ልጅቱ ግን ትንፋሿን ስትለቅ አየችና ቃሏን ሳታርመው ወጣች።

ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ትልቅ የሮቃ ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። በአንድ በኩል የሟች ወገን፣ በሌላው በኩል የገዳይ ወገን፤ መሃሉ ላይ ሰው የማያልፍበት ባዶ መሬት አለ። ትዕዛዙ መሣሪያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ጢሙ ደረቱን ነክቷል፣ ከጢሙ በላይ ያለው ፊት ግን የወጣት ነው። ስርጉት አባ ገብረማርያምን ጉባኤው ሳይጀመር ወደ ጎን ጠራቻቸው። ሽበታም፣ ቀጭን ቄስ ናቸው፤ እርቁን አንድ ዓመት ሙሉ ከቤት ቤት ሲመላለሱ የጎነጎኑት እሳቸው ናቸው።

«ሕግሽን እናውቀዋለን ልጄ» አሉ። «ሕግሽ ግን ሌሊት በር ላይ አይቆምም። እኔ ይህን ነገር የጀመርኩት ልጅቱን ጠልቻት ነው? ክርስትና ያነሣኋት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ዕድሜዋን ያውቃሉ።»

አባ ገብረማርያም መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «አሥራ አራት» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«አባ፣ አልዋሽዎትም። አሥር ሰዓት ላይ ፖሊስ ይመጣል፤ እኔ ነኝ የነገርኩት።»

«ፖሊስ ጠርተሽ እርቅ ላይ ልትቀመጭ?»

«ደብቄው ብቀመጥ ይሻል ነበር?»

ቄሱ ተቆጥተው ዞሩ፤ ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ። ስርጉት ከጀርባቸው ሆና እርቁ እንዲፈርስ እንደማትፈልግ፣ እሳቸው አንድ ዓመት የለፉበትን በአንድ ቀን ለማፍረስ እንዳልመጣች፣ ወይዘሮ ፈንቴ ግን የሚሉት ነገር እንዳለ ተናገረች። «ምን አለች?» «እሳቸውን ይጠይቋቸው። የእሳቸውን ቃል እኔ ብናገረው ቢሮ ያመጣው ይባላል።»

ሴት ሽማግሌ መሃል ተጠርታ አታውቅም ያሉ ነበሩ። አንደኛው አዛውንት «ዛሬ ሴት ጠርተን ነገ ደግሞ ማንን እንጠራለን? አህያዋን?» ሲሉ ጥቂቶች ሳቁ። አባ ገብረማርያም አልሳቁም። «ልጁን የወለድኩት እኔ አይደለሁም፣ አንተም አይደለህም» አሉና ሰው ላኩ። ፈንቴ መጡ። ባዶው መሬት መሃል ቆመው ለስርጉት የነገሯትን አንድ ቃል ሳይጨምሩ ተናገሩ፤ ስለ ልጅቱ ዐይን፣ ስለ ልጃቸው ቁጣም። በመጨረሻም «ሚስት አትሁን፤ የጡት ልጄ ትሁን» አሉ። ትዕዛዙ አንገቱን ደፋ። «ሚስት አልጠየቅሁም» አለ፤ ድምፁ ከጠበቁት በላይ ቀጭን ነበር። «ደም ወይ ሴት ውሰድ ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። እኔ ወንድሜን ነው የጠየቅሁ።»

ሽማግሌው ተነስቶ፣ ተመካክሮ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። የጡት ዝምድና ጋብቻን እንደሚከለክል፣ ደም መመለስንም እንደሚከለክል አባ ገብረማርያም አወጁ። አቶ ዘሩ ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ወጡ፤ ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ባዶውን መሬት ተሻገሩና ፈንቴ እግር ሥር ወደቁ። ፈንቴ ድንጋዩን አነሱላቸው። ማር በጣሳ መጣ። እመቤት ስትንበረከክ ስርጉት ልጅቱ ወደ እሷ ስታይ አየች፤ ከዚያ የፈንቴን አውራ ጣት ጠባች፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ትዕዛዙ መሣሪያውን ቄሱ እግር ሥር አስቀመጠ። ሴቶቹ እልል ሊሉ ሲጀምሩ ፈንቴ እጃቸውን አነሱና ፀጥ አደረጓቸው። ስርጉት ከዳር ቆመው ሲያዩ የነበሩትን ኮንስታብል አሚንንና ጓደኛውን ያየችው ያኔ ነው። ባሉበት እንዲቆዩ በእጇ አመለከተች።

«እንግዲህ» አሉ አንደኛው አዛውንት ለፈንቴ፣ ልብሳቸውን እያራገፉ፣ «ልጅቱን ይዘሻት ቤትሽ ግቢ።»

ስርጉት አልገባትም። አባ ገብረማርያም አስረዷት፤ በዚህ አገር የጡት ልጅ የመጀመሪያውን ሌሊት በጡት እናቱ ጣሪያ ሥር ያድራል። ሳያድር ማሩ ማር ብቻ ነው። በወገራ እንዲህ መሆኑን አልሰማችም ነበር፤ አጎቷ የተያዘው እሷ ሳትወለድ ነው፣ ስለዚያ ሌሊት የነገራት ሰው የለም። መጠየቅ ነበረባት፤ አልጠየቀችም። ሰው ሁሉ እሷን ያያል። ትዕዛዙ ከመሣሪያው ሁለት ክንድ ርቆ ቆሟል። አይሆንም ካለች የወደቀው ድንጋይ ሁሉ ተመልሶ ይነሳል፤ ይሁን ካለች ደግሞ ልጅቱን እስከ ዛሬ ጠዋት ሊያገባት በነበረው ሰው ቤት ታስተኛታለች።

«ጥቂት ጊዜ ስጡኝ» አለችና የእመቤትን እጅ ይዛ ከዛፉ ጥላ ወጣች። ከሰዎቹ በደንብ ራቅ ሲሉ ጎንበስ ብላ ዐይኗን አየቻት። «ዋሸሁሽ» አለች። «ሆን ብዬ አይደለም፤ ሳላውቅ ቃል ገባሁ። አንቺ አይሆንም ካልሽ አይሆንም፤ እዚያ ከቆሙት ፖሊሶች ጋር ይዤሽ እሄዳለሁ፣ የሚመጣውን እኔ እቀበላለሁ።»

እመቤት ከንፈሯ ላይ የቀረውን ማር በእጇ ጀርባ ጠረገች። ወደ አባቷ አየች። አቶ ዘሩ በፀሐይ ውስጥ ቆመው፣ ፊታቸው ነጥቶ፣ ከአንድ ጎረቤት ጋር ስለ ሰሊጣቸው ያወሩ ነበር፤ ሳሉግ ዛሬውኑ ይገኝ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

«አንቺ አብረሽኝ ታድሪያለሽ?» አለች ልጅቱ።

ስርጉት የሥራ ደንቧ ስለዚህ ምን እንደሚል አላስታወሰችም። «አድራለሁ።»

«አጠገቤ?»

«አጠገብሽ።»

ፀሐይ ልትገባ ስትል ሦስቱም ወደ ፈንቴ ቤት ገቡ። ፈንቴ ትዕዛዙን ከበር መልሰውታል፤ ዛሬ እርሻው ላይ፣ ከአጫጆቹ ጋር ያድራል። ከዚያ ያንን የተወጠረ አንሶላ ከአለምሰገድ አልጋ ላይ ገፈፉና ሌላ አነጠፉ፤ ለራሳቸው ደግሞ ፍራሽ ጎትተው በሩ ሥር ዘረጉ፤ እሳቸውን ሳይረግጥ የሚገባም የሚወጣም አይኖርም። እመቤት የአልጋው ጠርዝ ላይ ጫማዋን እንዳደረገች ተቀመጠች። ፈንቴ ጫማውን አዩት።

ስርጉት በሩ ላይ ቆማ ለአሚን ደወለች። እቤትህ መሄድ ትችላለህ አለችው፤ ግን ነገ ጠዋት ልጅቱን እናቷ ቤት እስካደርስ ድረስ ስልክህን አትዝጋ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ቤቱ ግን ትንሽ ነው። ዘወር ስትል ፈንቴ ትራሱን እንዳቀፉ ቆመው ያዩዋታል። ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት ሴትየዋ ቀደሟት።

«ደግ አደረግሽ» አሉ። «ያን ቀን የመጀመሪያው ልጄ ለጠብ ከቤት ሲወጣ እኔም እንደዚህ ለፖሊስ መደወል ነበረብኝ።» ከዚያ ትራሱን ለልጅቱ ሰጧትና ፍራሻቸው ላይ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ተቀመጡ።